ስለ ዜብራ ለባህል ፈንድ የሚጻፍ ደብዳቤ

አንድ አነስተኛ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ስለ መንገድ ደህንነት ተከታታይ የልጆች ፊልም ለመሥራት ቢነሳ፣ ገንዘብ ፍለጋ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የመድን ድርጅቶችን፣ የመኪና አስመጪዎችንና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶችን በር ነው። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ሠላሳ ሰከንድ የምትሞላ መልእክትና መጨረሻዋ ላይ የሚታይ አርማ ነው። ባህሪ ያላቸው ገጸ ባህርያት ከሳምንት ሳምንት የሚመላለሱበት እውነተኛ ድራማ የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ባህል ፈንድ ማዞሩ አይቀርም። ችግሩ የሚመጣው ለመድን ድርጅቱ የጻፈውን ደብዳቤ አድራሻውን ብቻ ቀይሮ ሲልከው ነው።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ አጀማመሩ የታወቀ ነው፦ «በሀገራችን የትራፊክ አደጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መምጣቱ ይታወቃል። ድርጅታችንም የበኩሉን ማኅበራዊ ኃላፊነት ለመወጣት…» የተባለው ነገር ሐሰት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉ ልጆችና ወጣቶች ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል። ገጹን ሙሉ በአደጋ ቁጥር የሞላ ሰው ግን ገምጋሚውን «ይሄ ለትራፊክ ፖሊስ የተጻፈ አይደል እንዴ?» ያሰኘዋል፤ ገምጋሚውም አይፈረድበትም።

ፈንዶቹ የሚጠይቁት ሌላ ነው። በዩኔስኮ ሥር ያለውን ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድ እንውሰድ። የቆመው በ2005 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የባህላዊ መገለጫዎች ብዝኃነት ስምምነት ላይ ሲሆን ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው እስከ 100,000 ዶላር ነው፤ የሥራው ጊዜም ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት። ብዙ አመልካች ሳያነበው የሚያልፈው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ገደብ ነው። ፈንዱ የባህል ምርት ማምረትን ብቻ ዓላማው ላደረገ ፕሮጀክት ገንዘብ አይሰጥም። «አሥራ ሦስት ክፍል ፊልም እንሠራለን» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ፣ ፊልሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃል። ያው ስቱዲዮ ፊልሙን እየሠራ ወጣት ሰዓሊዎችንና የልጆች ድርሰት ጸሐፊዎችን እንደሚያሠለጥን፣ ሥራውንም ከጣቢያዎች ጋር በቋሚ ውል እንደሚያስተሳስር ካሳየ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፊልሙ የሥልጠናው ውጤት ይሆናል ማለት ነው። የአመልካቹ ማንነትም ይታያል፤ የንግድ ድርጅት የሆነ ስቱዲዮ በስሙ ከማመልከቱ በፊት ለትርፍ ካልቆመ ድርጅት ጋር መጣመር ሊኖርበት ይችላል። እያንዳንዱ ፈንድ የራሱ መመሪያ ስላለው፣ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት መመሪያውን ማንበብ ግድ ነው።

ይህ ከታለፈ በኋላ ደብዳቤውን የሚያነሳው ወይም የሚጥለው ታሪኩ ነው። ከዚያ ከተለመደው መግቢያ ይልቅ እንዲህ የሚጀምር ደብዳቤ ይታሰብ፦

«የሰባት ዓመት ልጅ ከታክሲ ወርዳለች። ‹ወራጅ አለ!› ብላ ያስቆመችው ራሷ ናት፤ በዚህም ኮርታለች። ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው። በቆመው ታክሲ አፍንጫ በኩል ብቅ ስትል መንገዱ ጭር ብሏል። ለእሷ ጭር ብሏል። እኛ ግን ከላይ ሆነን ስለምናይ፣ በታክሲው ግራ በኩል እየቀደመ የሚመጣውን ፒክአፕ አይተነዋል።»

አምስት ስድስት መስመር ናት፤ ሆኖም ብዙ ሥራ ሠርታለች። ገጸ ባህርይዋን አስተዋውቃለች፣ ከተማውን በድምፁ አሳውቃለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን አኒሜሽን እንዳስፈለገ ነግራለች። አምፎፎ ቦአቴንግና ቶምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በስኮትላንድ ሕፃናትን መንገድ ዳር አቁመው ለመሻገር ደህና የሚሉትን ቦታ አስመርጠዋቸው ነበር። የአምስት ዓመት ልጆች መልስ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሆነ፦ መኪና ካልታየኝ መሻገር እችላለሁ። ኩርባ ጥግም ሆነ የቆመ መኪና ኋላ ቢሆኑ ለውጥ አልነበረውም። ልጁ እሱ የማያየው ነገር ሌላ ቦታ መኖሩን፣ ሾፌሩም እሱን እንደማያየው ገና አላሰላም። አንድ አዋቂ ይህን በቃል ቢያስረዳው አይገባውም፤ እውነተኛ መንገድ ላይ ማሳየት ደግሞ አደገኛ ነው። አኒሜሽን ግን ካሜራውን ከታክሲው ጣሪያ በላይ አውጥቶ ልጅቷንም ፒክአፑንም በአንድ ምስል ያሳያል፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዓይን ይወርዳል፣ ፒክአፑም ከእይታ ይጠፋል። ሁለቱን ምስሎች አከታትሎ ያየ ልጅ «አይታይም» እና «የለም» አንድ እንዳልሆኑ ሊገባው ይችላል። «ለምን በተዋንያን አትቀርጹትም?» ለሚል ገምጋሚ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

«ከውጭ የመጣውን አስተርጉሞ ማሳየት አይቀልም ወይ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ኮሪያውያኑ «ሮቦካር ፖሊ» በሚባለው ዝነኛ ተከታታያቸው ገጸ ባህርያት የመንገድ ደህንነት ክፍሎች ሠርተዋል። ጎረቤት ኬንያና ታንዛኒያም የልጆች ዝግጅት የሚሠሩ ጠንካራ ባለሙያዎች አሏቸው። ሆኖም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በእንግሊዝ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። በዚያ የሚያድግ ልጅ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየትን ይማራል። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ፣ ለእግረኛው የቅርቡ መኪና የሚመጣው ከግራ ነው፤ ልጁ ማየት ያለበትም ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ነው። የእንግሊዝ ፊልም ድምፁ ብቻ በአማርኛ ተቀይሮ ቢታይ፣ ልጁ ትክክለኛውን እየሰማ የተሳሳተውን ያያል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ዓይን ጆሮን ያሸንፋል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራ ጠርዝ ይዞ፣ ፊትን ወደሚመጣው መኪና አዙሮ መሄድም እንዲሁ የዚህ አገር ትምህርት ነው። ለባህል ፈንድ ይህ ክርክር ወርቅ ነው፤ አገር በቀል ፊልም ለምን እንደሚያስፈልግ ያለ ብዙ ስብከት ያስረዳል።

ትምህርት በገጸ ባህርይ ተሸክሞ ልጆች ዘንድ እንደሚደርስም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት መሪ ተዋናይዋ የስድስት ዓመት ቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ልጆቹ የንጽሕናና የጤና ትምህርቱን ያገኙት ከእሷ ጀብዱ ነው። ብሩክታዊትም በ2010 እ.ኤ.አ. ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆናለች። በደብዳቤው ውስጥ ስለ መሪ ገጸ ባህርይዋ የሚጻፈው አንቀጽ ስለ ትራፊክ ሕጉ ከሚጻፈው ቢረዝም ጥሩ ምልክት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች ከበጀታቸው የሚረሱት ሙከራ ነው። የአሜሪካው «ሰሰሚ ስትሪት» በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ወላጆች ፍቺ አንድ ክፍል ሠርቶ ከመሠራጨቱ በፊት ለሕፃናት አሳየ። አዘጋጆቹ ለማጽናናት ብለው የሠሩትን ልጆቹ በሌላ መንገድ ተረዱት፤ ወላጅ ከተጨቃጨቀ ይፋታል ብለው የደመደሙ ነበሩ። ተቀርጾ ያለቀው ክፍል ለሕዝብ ሳይቀርብ ቀረ። የመንገድ ፊልምም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ልጅቷ ሮጣ ስትሻገር የሚያሳየው ቦታ ፈጣንና አስቂኝ ሆኖ፣ ቆማ የምታይበት ደግሞ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ልጆች በማግሥቱ የሚጫወቱት ሩጫውን ነው።

ይህን ቀድሞ ማወቂያው አኒማቲክ ይባላል። የስቶሪቦርዱ ሥዕሎች ከነድምፃቸው በጊዜያቸው ተደርድረው የሚታዩበት ረቂቅ ፊልም ነው። በሁለት ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ይታይና «እስቲ ምን ሆነ? እናንተ ብትሆኑ የት ትቆሙ ነበር?» ይባላሉ። ሥዕል መቀየር በዚህ ደረጃ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ሒሳቡን መሥራት ነው። እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ የሆነ አሥራ ሦስት ክፍል ታቅዷል እንበል። አንድ ክፍል 300 ሰከንድ ነው። አንድ አኒሜተር በቀን 10 ሰከንድ የተጠናቀቀ ሥራ ቢያወጣ ክፍሉ 30 የሥራ ቀን ይፈጅበታል፤ ሦስት ሆነው ቢሠሩ 10 ቀን። አሥራ ሦስቱም 130 የሥራ ቀን፣ ወደ ስድስት ወር ማለት ነው። ስክሪፕቱ፣ የድምፅ ቀረጻው፣ ሙዚቃውና ሙከራው ከዚህ ውጭ ናቸው። «በአራት ወር እናስረክባለን» የሚል ደብዳቤ ለዚህ ነው ገምጋሚን የሚያስቀው።

ከሁሉም አስቸጋሪው ደብዳቤው ምን ቃል ይግባ የሚለው ነው። «የሕፃናትን ሞት በግማሽ እንቀንሳለን» የሚል አመልካች አይጠፋም። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ የእግረኛ ትምህርት የልጆችን እውቀት እንደሚያሻሽል፣ መንገድ ሲሻገሩ የሚያደርጉትንም ሊለውጥ እንደሚችል ገልጾ፣ ጉዳትን ስለመቀነሱ ግን ማስረጃ እንዳላገኘ ጽፏል። ከእሱ በፊትም ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ስቲና ሳንደልስ ትንሽ ልጅን በትምህርት ብቻ ለትራፊክ ብቁ ማድረግ እንደማይቻል አስረድታ ነበር። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታና የእግረኛ መንገድ የሚሠሩትን ካርቱን አይተካቸውም። ስለዚህ ፊልሙ ልጅቷን ጥፋተኛ አድርጎ፣ በፍጥነት የነዳውን ሾፌር ነጻ እንዳያወጣም ጥንቃቄ ያሻል። ከአሥራ ሦስቱ ክፍል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ለሾፌሩና እጅ ለምትይዘው እናት ቢተው የተሻለ ነው።

በደብዳቤው ሊገባ የሚችለው ቃል ትንሽ ነው፤ ግን ይለካል። ፊልሙን ከማየታቸው በፊትና በኋላ ልጆቹ የመንገድ ሥዕሎች ይቀርቡላቸዋል፤ ደህና መሻገሪያ የሚሉትን በጣታቸው ያሳያሉ። ትክክለኛውን የመረጡት ይቆጠራሉ። ከዚያ የተወሰኑት ከአዋቂ ጋር ወጥተው መንገድ ዳር ይሞክሩታል፤ ስኮትላንዳውያኑም ውጤት ያገኙት ልጆቹን በእውነተኛ መንገድ ላይ ሲያለማምዱ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉት ተማሪ ትራፊኮች በዚህ ሥራ ቢገቡ ወጪውም ይቀላል።

ደብዳቤው ራሱ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ከጀርባው አንድ የተሟላ ስክሪፕት፣ የሁለት ደቂቃ አኒማቲክ፣ በጀቱና የጣቢያው ደብዳቤ ይያያዛሉ። የመጨረሻው ላይ ብዙ ስቱዲዮ ይሳሳታል፤ «ዝግጅቱን ለማሠራጨት ፈቃደኛ ነን» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ገምጋሚው የሚፈልገው ቀኑንና ሰዓቱን፣ የአየር ሰዓቱን ማን እንደሚከፍል፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ፊልሙ የማን ንብረት እንደሚሆን ነው። ጣቢያው እነዚህን ጽፎ እስኪሰጥ መመላለሱ ደብዳቤውን ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሥራው ከዚያ ቢጀመር ይሻላል።