የዲስኩ ክብ እንዴት ይነበባል

በዲስክ የሚደረገው ምርመራ ከሕመምተኛ ናሙና የበቀለን ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገታው ለማወቅ የሚሠራ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ባክቴሪያው እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ይዘራል፤ መድኃኒት የያዘች 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ወረቀት፣ ማለትም ዲስክ፣ ከላዩ ትቀመጣለች፤ በማግስቱ በዲስኳ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይለካል። ባለሙያዎች ይህን ክብ ዞን ይሉታል። የሚለካው ሚሊ ሜትር ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ፊደል ነው። ኤስ ከሆነ ባክቴሪያው በመድኃኒቱ ይረታል፤ አር ከሆነ መድኃኒቱን ተላምዷል፤ አይ ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው።

ድሮ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በየራሱ ልማድ ይሠራ ስለነበር የአንዱ ቁጥር ለሌላው ትርጉም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባወር፣ ከርቢ፣ ሼሪስና ተርክ ሥራውን ወጥ የሚያደርግ አሠራር አሳተሙ። ዘዴው ዛሬም ከርቢ ባወር ይባላል። ሚሊ ሜትሩ የሚታመነው አሠራሩ ምንም ሳይጓደል ሲከናወን ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሽንት ናሙና ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በቅሏል እንበል። ባለሙያው ጥቂት የባክቴሪያ ክምችቶችን ወስዶ በጨው ውኃ ይበጠብጣል፤ ውኃው 0.5 ማክፋርላንድ ከሚባለው መለኪያ ጋር እኩል እስኪደፈርስ ድረስ ያስተካክለዋል። ይህ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ማለት ነው። ከዚያ በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት ነክሮ፣ ትርፉን ውኃ ከመያዣው ግድግዳ ጋር ተጭኖ ያወጣና ሙለር ሂንተን አጋር በተባለው ምግብ ላይ ሳህኑን እያዞረ በሦስት አቅጣጫ ይቀባዋል። የአጋሩ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዲስኮቹ ከተቀመጡ በኋላ አይነሡም፤ መድኃኒቱ አጋሩን እንደነካ መስረግ ስለሚጀምር ያለቦታዋ የተቀመጠች ዲስክ እንኳ እዚያው ትቀራለች። ሳህኑ በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል።

በዚያ ሌሊት ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ። መድኃኒቱ ከዲስኳ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ከመሐሉ በራቀ ቁጥርም ይሳሳል። ባክቴሪያው በበኩሉ ይራባል። አንድ ቦታ ላይ የደረሰው መድኃኒት በቂ ከመሆኑ በፊት ባክቴሪያው በዝቶ ከተገኘ እዚያ ላይ የዞኑ ጠርዝ ይሠመራል። የጠርዙ ቦታ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ የቀረው ጊዜ ለዓይን እንዲታይ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ የዞኑ ስፋት ከባክቴሪያው ጥንካሬ በተጨማሪ በመድኃኒቱ የመስረግ ችሎታ፣ በዲስኳ በያዘችው መጠንና በአጋሩ ውፍረት ይወሰናል። ሰፊ ዞን ያሳየ መድኃኒት ጠባብ ዞን ካሳየው ይሻላል ማለት ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። እንደ ቫንኮማይሲን ያለ ትልቅ ሞለኪውል በዝግታ ስለሚሰርግ ዞኑ በተፈጥሮው ጠባብ ነው። እያንዳንዱ ዞን የሚመዘነው ለዚያ መድኃኒትና ለዚያ የባክቴሪያ ቤተሰብ በወጣው ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኢ. ኮላዩ እንመለስ። 5 ማይክሮ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን በያዘችው ዲስክ ዙሪያ ያለው ዞን፣ የዲስኳን ስፋት ጨምሮ፣ 23 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተለካ። የአሜሪካው የደረጃ ተቋም፣ ሲኤልኤስአይ፣ እስከ 2018 በነበረው ሠንጠረዥ 21 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ኤስ፣ ከ16 እስከ 20 አይ፣ 15ና ከዚያ በታች አር ነበር። 23 ያለ ጥርጥር ኤስ ነው። ከ2019 ወዲህ ባለው ሠንጠረዥ ግን ኤስ ለመባል 26 ያስፈልጋል፤ ከ22 እስከ 25 አይ፣ 21ና ከዚያ በታች አር ነው። ባክቴሪያው ያው፣ ሳህኑም ያው፣ ፊደሉ ግን ሌላ!

ይህ የሆነው ሚሊ ሜትሩ የሌላ መለኪያ ወኪል ስለሆነ ነው። ዋናው መለኪያ የባክቴሪያውን ዕድገት የሚገታው ዝቅተኛው የመድኃኒት መጠን ነው። ይህ መጠን የሚገኘው መድኃኒቱን በተከታታይ ቱቦዎች እጥፍ እጥፍ እያደረጉ በመፈተሽ ነው፤ 0.06፣ 0.125፣ 0.25፣ 0.5፣ 1 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር እያለ ይሄዳል። በመጀመሪያ የሚወሰነው በዚህ መለኪያ ላይ ያለው ድንበር ነው። ውሳኔው በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ መላመድ የሌለባቸው ባክቴሪያዎች በየትኛው መጠን እንደሚገቱ፣ በተለመደው አወሳሰድ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ታካሚዎቹስ እንዴት እንደሆኑ። ለሲፕሮፍሎክሳሲን የቀድሞው ድንበር 1 ማይክሮ ግራም ነበር። ጤናማው፣ ማለትም ምንም ያልተላመደው ኢ. ኮላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ0.06 ወይም ከዚያ ባነሰ ይገታል። በመካከል ያሉት መላመድ የጀመሩ ነበሩ፤ አሮጌው ሠንጠረዥ ግን ኤስ ይላቸው ነበር። ድንበሩ ወደ 0.25 የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ድንበሩ ወደ ሚሊ ሜትር ይተረጎማል። ብዙ የባክቴሪያ ዝርያዎች በሁለቱም ዘዴ ይፈተሹና እያንዳንዱ በሠንጠረዥ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ በአንዱ መስመር ዝቅተኛው ገቺ መጠን፣ በሌላው ዞኑ። መጠኑ ሲጨምር ዞኑ ስለሚጠብ ነጥቦቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ሆኖም በአንድ ቀጭን መስመር ላይ አይሰለፉም፣ ይበተናሉ። ስለዚህ የዞኑ ድንበር የትም ቢደረግ ጥቂት ነጥቦች በተሳሳተ ወገን ይቀራሉ። ባለሙያዎቹ የተላመደውን ኤስ ማለትን እጅግ ከባድ ስሕተት ይሉታል፤ የሚረታውን አር ማለት ቀለል ያለ ስሕተት ነው። ድንበሩ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ስሕተት በጣም ጥቂት በሚሆንበት ቦታ ነው፤ አድልዎው ተገቢ ነው፣ በማይሠራ መድኃኒት የሚታከም ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይበልጣልና። አይ የሚለው ክፍልም በከፊል የአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የአሠራር ልዩነት ኤስን በቀጥታ ወደ አር እንዳይለውጠው የተተወ ክፍተት ነው። የአውሮፓው ዩካስት ግን ከ2019 ጀምሮ አይን ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል፤ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ነገር ግን መጠኑ ከፍ ሲል ወይም በሚከማችበት የሰውነት ክፍል ሲሆን። የውጤት ወረቀት ላይ የትኛው ሠንጠረዥ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

የተሳሳተ ዞን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከቀላል ነገር ነው። አጋሩ ከወፈረ ወይም ባክቴሪያው ከሚገባው በላይ ከበዛ ዞኑ ይጠብና የሚረታው የተላመደ ይመስላል። ከፍሪጅ ወጥታ ሳትሞቅ የተከፈተች የዲስክ እቃ እርጥበት ይይዛታል፤ እርጥበቱ በተለይ የፔኒሲሊን ዘመዶችን ያዳክማል፤ ዞኑ እንደገና ይጠብባል። ባክቴሪያው ሲሳሳ ወይም አጋሩ ሲቀጥን ደግሞ ተቃራኒው፣ አደገኛው ስሕተት ይመጣል። ይህን የሚያጋልጠው ባሕርይው የታወቀ ባክቴሪያን አብሮ መፈተሽ ነው። ኤቲሲሲ 25922 የሚባለው ኢ. ኮላይ ለጀንታማይሲን ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር መስጠት አለበት። 15 ከሰጠ ባክቴሪያው አልተለወጠም፤ ዲስኩ፣ አጋሩ ወይም አሠራሩ ነው የተበላሸው፤ የታካሚዎቹም ውጤት መውጣት የለበትም።

በዞኑ ውስጥ ነጠላ ነጠላ ሆነው የበቀሉ ክምችቶች ሲታዩም እንደ ዋዛ አይታለፉም። የሌላ ባክቴሪያ ቅልቅል ወይም የተላመዱ ጥቂቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ ተለይተው እንደገና ይፈተሻሉ። ፕሮቲየስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በአጋሩ ላይ እየተንሳፈፈ ዞኑን በስስ መጋረጃ ይሸፍናል፤ እሱ ተትቶ ግልጹ ጠርዝ ይለካል።

ዘዴው የማይሆንባቸው መድኃኒቶችም አሉ። ኮሊስቲን በአጋር ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሚሰርግ የሚረታውና የተላመደው ባክቴሪያ ዞኖች አይለዩም። ቫንኮማይሲንም በስታፊሎኮከስ ኦውረስ ላይ እንዲሁ ነው፤ ሲኤልኤስአይ በ2009 ለዚህ ጥንድ የነበረውን የዲስክ ድንበር ከሠንጠረዡ አውጥቶታል። በእነዚህ ላይ ዝቅተኛው ገቺ መጠን በቀጥታ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ይለካል።