ሆድ ሥጋን ይረሳል?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የፋሲካ ቅዳሴ አልቆ ቤት ስንገባ እናቴ መጀመሪያ የምትሰጠን አንድ ብርጭቆ ተልባ ነው፤ «ሆዳችሁን ያለስልስ» እያለች። ዶሮ ወጡ ቅቤው ከላይ ተንሳፎ፣ ዓይብ ከጎኑ ሆኖ ከዚያ ይቀርባል። አምና እኔ በዚህ አላበቃሁም። በላዩ ላይ ትልቅ ማግ ሙሉ ወተት ጠጥቼ ተኛሁ። ሲነጋ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እምብርቴን እየቆረጠኝ ነቃሁ። ጎረቤታችን «55 ቀን ሥጋ የረሳ ሆድ ምን ያድርግ!» አሉኝ።

አባባሉ የቆየ ነው፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። በጾሙ የበላነው ሽሮና ምስር ፕሮቲን አለው፤ ያንን የሚፈጩት የጨጓራ አሲድና ኢንዛይሞች ሥራ ፈትተው አያውቁም። የሥጋውንም ፕሮቲን የሚፈጩት እነሱ ናቸው።

የእኔ ጥፋት ወተቱ ላይ ነበር። ወተት ላክቶስ የሚባል ስኳር አለው፤ እሱን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም በብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ይህ በዘር የሚወሰን እንጂ ጾም የሚያመጣው አይደለም። ታዲያ ከጾሙ በፊት ወተት ስጠጣ ለምን ደህና ሆንኩ? ወተት በሚያዘወትር ሰው ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያልተፈጨውን ላክቶስ ብዙ ጋዝ ሳይፈጥሩ መጠቀም ይለምዳሉ። ወተቱ ለሁለት ወር ገደማ ሲቋረጥ ልማዱም ይጠፋል። ያን ጊዜ ስኳሩ ወደ አንጀት ውሃ ይስባል፣ ሲብላላም ጋዝ ያወጣል፤ መነፋቱና ቁርጠቱ ከዚያ ይመጣል።

መጠኑም ወሳኝ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ወተት 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው፤ ላክቴዝ ያነሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህሉን ይችላል። የእኔ ማግ ከዚያ ይበልጥ ነበር። እርጎ ላይ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ የተወሰነውን ቀድመው ስለሚበሉት ይቀላል። የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል።

ቅቤ የሚከሰሰው በስቡ ነው። ስብ ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል። እርግጥ የጾም ወጣችንም ዘይት አያጣውም። የፋሲካው ልዩነት ቅቤው፣ ዶሮው፣ እንቁላሉና ዓይቡ በአንድ ማዕድ መግጠማቸው ነው። ያውም ከዓርብ ጀምሮ አክፍሎ ባዶ በቆየ ሆድ ላይ፣ ተበልቶም ወዲያው ይተኛል።

የወተት ሕመም ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሆድ እያጉረመረመ ይጀምርና ቀኑ ሳያልፍ ይለቃል። ከቀኝ ጎድን በታች ጀምሮ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚወጣና ለሰዓታት የማይለቅ ሕመም ግን የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ከጥሬ ሥጋ በኋላ ትኩሳት ወይም ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣም ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ሁለቱም ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው፤ «ጾሙ ነው» ተብሎ አይታለፉም።

ዘንድሮ ሌሊት ዶሮውን ጥቂት ቀመስኩ፤ ወተቱን እስከ ማክሰኞ አቆይቼ በግማሽ ብርጭቆ ጀመርኩ። ሆዴ ዝም አለ። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ይፈሰካልና፣ ማጉን በመጀመሪያው ሌሊት መጨረስ አያስፈልግም።