ያለውን «የለም» የሚል ፍለጋ

እነዚህን 15 ቁጥሮች እንመልከት፦ 7፣ 12፣ 18፣ 23፣ 31፣ 36፣ 44፣ 49፣ 52፣ 58፣ 61፣ 70፣ 77፣ 85፣ 93። በመካከላቸው 61 መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከ7 ጀምረን አንድ በአንድ ብናይ በ11ኛው ላይ እናገኘዋለን። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ባይነሪ ሰርች የሚሉት ዘዴ ግን ከመሃል ይጀምራል። መሃል ላይ ያለው 49 ነው። 61 ከ49 ስለሚበልጥ በስተግራ ያሉት ሰባቱ ቁጥሮች ሳይታዩ ይቀራሉ። በስተቀኝ ካሉት ሰባት መሃል ላይ 70 አለ፤ 61 ከእርሱ ስለሚያንስ 70 እና ከኋላው ያሉት ይወጣሉ። አሁን የቀሩት 52፣ 58 እና 61 ናቸው። 61 ከመሃለኛው ከ58 ይበልጣል፤ ስለዚህ የሚቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያም 61 ተቀምጧል። አራት ጊዜ ማየት በቃ።

ዝርዝሩ ሲረዝም ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። በየእርምጃው ግማሹ ስለሚወጣ፣ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ያሉት ዝርዝር ቢበዛ በ20 ጊዜ ንጽጽር ይፈተሻል።

ይህ ፍጥነት የሚገኘው ሳያዩ በመተው ነው። ከ49 በስተግራ ያሉትን ሰባት ቁጥሮች ማንም አልነካቸውም፤ ሆኖም 61 እዚያ እንደሌለ እርግጠኞች ነበርን። እርግጠኛ ያደረገን ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ ከተደረደረ 49 ስለራሱ ብቻ አይናገርም፤ በስተግራው ያሉት ሁሉ ከእርሱ እንደሚያንሱም ይመሰክራል። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ግን 49 የሚነግረን ስለ 49 ብቻ ነው።

አሁን 18 እና 61 ቦታ ይለዋወጡ፤ 61 ሦስተኛ፣ 18 ደግሞ 11ኛ ይሁን። ፍለጋው እንደ ቀድሞው ከ49 ወደ ቀኝ፣ ከ70 ወደ ግራ፣ ከ58 ወደ ቀኝ ይሄድና 18 ላይ ያርፋል፤ ከዚያም «61 የለም» ይላል። 61 ግን ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ፕሮግራሙ አለመቆሙና የስህተት መልእክት አለማሳየቱ ነው። የሐሰት «የለም» ከእውነተኛው «የለም» በምንም አይለይም። በዚያ ላይ ሌሎቹ 13 ቁጥሮች ሲፈለጉ በትክክል ይገኛሉ፤ ስለዚህ ሁለት ሦስቱን ሞክሮ «ይሠራል» ያለ ሰው ጉድለቱን ላያይ ይችላል።

የተዛባው ቦታ በፍለጋው ቀድሞ የሚታይ ከሆነ ጉዳቱ ሊሰፋ ይችላል። በ18 እና በ61 ፋንታ 7 እና 49 ቢለዋወጡ 7 መሃል ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ከ12 እስከ 49 ካሉት ቁጥሮች የትኛውም ሲፈለግ ከ7 ስለሚበልጥ ፍለጋው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ግን በስተግራ ነው። ሁለት ቁጥሮች በመለዋወጣቸው ሰባት ይጠፋሉ።

ታዲያ ፕሮግራሙ ዝርዝሩ መደርደሩን አስቀድሞ ለምን አያጣራም? ለማጣራት እያንዳንዱን ቁጥር ከጎረቤቱ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ይህም ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ከመፈለግ አይሻልም፤ ያተረፍነውን ፍጥነት መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ኃላፊነቱ የፕሮግራመሩ ነው። የጃቫ ቋንቋ መመሪያም ያልተደረደረ ዝርዝር በዚህ ዘዴ ቢፈለግ ስለ ውጤቱ ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። መደርደር ራሱም ዋጋ አለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚፈለግ ነገር ሚሊዮን ቁጥሮችን ከመደርደር አንድ በአንድ ማየት ይቀላል። ድርደራው የሚያዋጣው ያው ዝርዝር ደጋግሞ ሲፈለግበት ነው።

በአማርኛ ስሞች ላይ ደግሞ ለዓይን የማይታይ ወጥመድ አለ። አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ ሰባት ስሞችን ደረደረ እንበል፦ ሀብታሙ፣ ኃይሉ፣ ለማ፣ መስፍን፣ ሰላም፣ በቀለ፣ ተስፋዬ። ለአንባቢ ድርድሩ ትክክል ነው። ኮምፒውተሩ ግን፣ ሌላ ደንብ ካልተሰጠው፣ የሚያነጻጽረው ፊደሎቹ በዩኒኮድ ባላቸው ቁጥር ነው፤ በዚያ ደግሞ ኃ ከተ በኋላ ይመጣል። «ኃይሉ» ሲፈለግ ከመስፍን ወደ ቀኝ፣ ከበቀለ ወደ ቀኝ፣ ከተስፋዬም ወደ ቀኝ ይሄድና ዝርዝሩ ያልቃል። ኃይሉ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሳለ «የለም» ይባላል። ዝርዝሩ ተደርድሯል፤ ግን በሌላ ደንብ ነው። መድኃኒቱ አንድ ደንብ መርጦ ለድርደራውም ለፍለጋውም እርሱኑ መጠቀም ነው። ለምሳሌ ከማነጻጸር በፊት ሐን፣ ኀን እና ኃን በሁለቱም በኩል ወደ ሀ መለወጥ ይቻላል።

እንዲህ ያለ ስህተት መኖሩ የሚታወቀው ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በተራ መልሶ በመፈለግ ነው። ሁሉም መገኘት አለባቸው፤ አንዱ እንኳ «የለም» ከተባለ፣ ወይ ድርድሩ ተዛብቷል፣ ወይ የድርደራውና የፍለጋው ደንብ ተለያይቷል፣ ወይም ኮዱ ራሱ ስህተት አለበት።