ድምሩ የገጠመ ፔሮል ሁሉ ትክክል አይደለም

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራ ግብር ማስከፈያው ሠንጠረዥ ተቀየረ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ በመስከረም 2018፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝም ተነሣ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምረው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ገባ። በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ በሂርናም ሆነ በመሰላ፣ የሠራተኛው ወሬ ስለ ጭማሪው ነበር። ጭማሪው ግን በጠቅላላ ደመወዝ የተነገረ ቁጥር ነው። እጅ ላይ የሚገባው ከሥራ ግብርና ከጡረታ የተረፈው ነው፤ የእነዚህ ስሌት ደግሞ በአንድ ክረምት ውስጥ ሁለት ጊዜ መስተካከል ነበረበት።

ስሌቱ የት እንደሚሠራ ማወቅ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ይጠቅማል። በወረዳ ደረጃ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ሠራተኛው ደመወዝ በየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻ አይሰላም። የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ አንድ ላይ የሚያዘው በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ ሠራተኛው «ፑል» በሚለው አሠራር ነው። ጥቂት የሒሳብ ሠራተኞች የብዙ ሰው ፔሮል ያዘጋጃሉ፣ ደመወዙም በባንክ ይገባል። ወር በመጣ ቁጥር ፔሮልን ከባዶ የሚጀምር የለም፤ ያለፈው ወር ፋይል ይከፈታል፣ የወሩ ስም ይለወጣል፣ የለቀቀ ይወጣል፣ አዲስ የተቀጠረ ይገባል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቀመር በዚህ መንገድ ከወር ወደ ወር ይሻገራል። ለሦስት ወር «ምንም አልተለወጠም» የሚባል ፔሮል ለሦስት ወር የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

ከ2017ቱ በፊት የነበረው ሠንጠረዥ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የወጣ ነበር። ከግብር ነጻ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነው፤ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይከፈልበት ነበር። ይህ ሠንጠረዥ ለዘጠኝ ዓመት በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ግን ከግብር ነጻ የሆነው ገቢ 2,000 ብር ደርሷል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30፣ ከ14,000 ብር በላይ 35 በመቶ ይሰላል። እያንዳንዱ እርከን ተቀናሽ ቁጥር አለው፤ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር። ጠቅላላው ገቢ በእርከኑ መቶኛ ይባዛል፣ ከውጤቱ ላይ ተቀናሹ ይነሣል።

በመሰላ ወረዳ በዲግሪ ሥራ የጀመረች መምህርት እናስብ፤ ስሌቱ ይታይ ዘንድ ሌላ አበልም ሌላ ዕዳም የለባትም እንበል። በሰኔ 2017 ጠቅላላ ደመወዟ 6,940 ብር ነበር። በአሮጌው ሠንጠረዥ 25 በመቶው 1,735 ብር ሲሆን፣ 565 ብር ሲነሣለት ግብሯ 1,170 ብር ይሆናል። ጡረታዋ 7 በመቶ፣ ማለትም 485.80 ብር ነው። እጇ ላይ የሚገባው 5,284.20 ብር ነው። በሐምሌ ደመወዟ ሳይነካ ግብሯ ወደ 888 ብር ወርዶ 5,566.20 ብር ይደርሳታል። በመስከረም ደመወዟ 11,500 ብር ሲሆን፣ 30 በመቶው 3,450 ብር ነው፤ 1,350 ሲነሣ ግብሩ 2,100 ብር ይቀራል። ጡረታው 805 ብር ነው። የተጣራው 8,595 ብር ይሆናል።

ፋይሉ ውስጥ አሮጌው ሠንጠረዥ ካልተነካ የመስከረም ግብሯ በ35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ብር ይነሣለትና 2,525 ብር ይሆናል። በየወሩ 425 ብር ያለአግባብ ይቆረጥባታል ማለት ነው። እሷ ግን ላታስተውለው ትችላለች፤ ምክንያቱም ከነሐሴ ይልቅ ብዙ ብር ገብቶላታል። በደመወዝ ጭማሪ ወር የሚፈጠር ስሕተት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጭማሪው ጉድለቱን ይሸፍነዋል።

ግብሩን ለማረጋገጥ ሠንጠረዡን በቃል መያዝ አያስፈልግም። በኤክሴል የሚሠራ ሰው ጠቅላላ ግብር የሚከፈልበት ገቢ `B2` ላይ ካለ ይህን አንድ መስመር መጻፍ ይበቃዋል፦

```
=ROUND(MAX(0,B2*15%-300,B2*20%-500,B2*25%-850,B2*30%-1350,B2*35%-2050),2)
```

ቀመሩ ገቢውን በአምስቱም እርከን ያሰላና ትልቁን ይወስዳል። የግብሩ መቶኛ ከገቢው ጋር እያደገ የሚሄድ ስለሆነ ትክክለኛው እርከን ሁልጊዜ ትልቁን ውጤት ይሰጣል። የመምህርቷን 11,500 በ25 በመቶ ብናሰላው 2,025፣ በ35 በመቶ ብናሰላው 1,975 ይመጣል፤ ሁለቱም ከ2,100 ያንሳሉ። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ምልክት ይገኛል። የተቆረጠው ግብር ከትክክለኛው ካነሰ፣ የተሳሳተ እርከን ተይዞ ወይም ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ጡረታው ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ከበለጠ ግን በአዲሱ ሠንጠረዥ ውስጥ እርከን በመሳሳት ሊመጣ አይችልም፤ አሮጌው ሠንጠረዥ አለ፣ ተቀናሹ ተረስቷል፣ አለዚያም ጠቅላላ ገቢው ራሱ ተሳስቷል።

ጡረታን አስቀድሞ የማንሣት ስሕተት ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ትክክል ይመስለዋልና። በኛ አሠራር የሥራ ግብር የሚሰላው የሠራተኛው 7 በመቶ ከመነሣቱ በፊት ባለው ገቢ ላይ ነው። ከ11,500 ላይ 805 ብር ተነሥቶ በቀሪው 10,695 ብር ቢሰላ ግብሩ 1,858.50 ብር ይሆናል። 241.50 ብር ጎድሏል። ይህ የ805 ብር 30 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ ከጡረታው የእርከኑን መቶኛ የሚያህል ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ሠራተኛው ለጊዜው ይደሰታል፣ ግብሩን ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታ ያለበት ግን አሠሪው ስለሆነ ጉድለቱ በኦዲት ሲገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ፔሮል ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ድምሩ ነው። ግብሩ፣ ጡረታውና ሌላው ተቀናሽ ከተጣራው ጋር ተደምሮ ጠቅላላውን ከሰጠ «ገጥሟል» ይባልና ይፈረማል። ከላይ ያየነው 425 ብር ትርፍ የተቆረጠበት ፔሮልም ግን በትክክል ይገጥማል፤ 2,525 እና 805 እና 8,170 ሲደመሩ 11,500 ናቸው። ድምር የሚይዘው የመደመር ስሕተትን ብቻ ነው። የጡረታውን ዓምድ በድምሩ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የሠራተኛው 7 እና የአሠሪው 11 በመቶ ተደምረው ከመሠረታዊ ደመወዝ ድምር 18 በመቶ መሆን አለባቸው። የግብሩ ዓምድ ግን የእያንዳንዱ ሰው እርከን ስለሚለያይ በድምር አይያዝም። ሰው በሰው መሰላት አለበት። በሰኔና በሐምሌ ፔሮል ላይ ደመወዙ ያልተለወጠ አንድ ሰው ግብሩም ካልተለወጠ፣ ሠንጠረዡ አልተቀየረም ማለት ነው። ይህን ለማየት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጪ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። እዚህም ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ፤ መነሻው መሠረታዊ ደመወዝ ነው። በጭሮ ወይም በገለምሶ በአንድ የግል ድርጅት በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ሰው ቢኖርና አሠሪው 4,000ውን «መሠረታዊ»፣ 5,000ውን «አበል» ብሎ ቢጽፈው፣ ግብሩ በሙሉው 9,000 ላይ 1,400 ብር ይሆናል። ጡረታው ግን 630 መሆኑ ቀርቶ 280 ብር ብቻ ይቆረጣል። ሠራተኛው 350 ብር ተረፈልኝ ይላል። ለአሠሪው ደግሞ በየወሩ 550 ብር ይቀርለታል።

የጡረታ አበል የሚሰላው ግን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ደመወዙ እንዲሁ ሆኖ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል። በ9,000 ከተያዘ 4,950 ብር፣ በ4,000 ከተያዘ 2,200 ብር ያገኛል። በየወሩ የተረፈችው 350 ብር በእርጅና ዘመን ከግማሽ በላይ የሆነውን አበል ወሰደች። ስለዚህ የግል ሠራተኛ ፔሮሉን ሲያይ ከተጣራው ክፍያ ቀድሞ ማየት ያለበት መሠረታዊ ደመወዝ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ከሥራ ውሉ ጋር ይመሳከር፤ ጡረታው ለ0.07 ተካፍሎ የሚመጣው ቁጥር በውሉ ላይ ያለው ደመወዝ መሆን አለበት።

መቆረጡ ብቻም አይበቃም፣ ገቢ መደረግ አለበት። አሠሪው በየወሩ ለገቢዎች በሚያቀርበው ማስታወቂያ ላይ የሠራተኞቹ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ደመወዝና ግብር በዝርዝር ይሞላሉ፤ ለጡረታውም እንዲሁ። በፔሮሉ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ዝርዝር ጋር ካልተመሳሰለ ወይም ሠራተኛው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ፔሮሉ በትክክል ቢሰላም የተቆረጠው ገንዘብ ቦታው አልደረሰም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 60 መሠረት አሠሪው ጠቅላላውን ደመወዝ፣ የስሌቱን ዘዴ፣ የእያንዳንዱን ተቀናሽ ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውንም የሚያሳይ መዝገብ መያዝ አለበት። ሠራተኛው ሲጠይቅም መዝገቡን የማሳየትና የማስረዳት ግዴታ አለበት። በዚያው አንቀጽ ሠራተኛው ሳይቃወም ፈርሞ መቀበሉ ቀሪ መብቱን እንደተወ አያስቆጥርበትም። የደመወዝ ክፍያ ጥያቄ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሐምሌ መጨረሻ መከፈል የነበረበት ደመወዝ ጎድሎ ከሆነ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ጥያቄውን ማቅረብ ይኖርበታል።