ተራኪው ያልተናገረው ዕንባ

የማይታመን ተራኪ የአንባቢን አመኔታ የሚሸረሽረው በሚዋሸው ብቻ ሳይሆን በሚያልፈውም ነው። ካዙኦ ኢሺጉሮ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ሪሜይንስ ኦቭ ዘ ዴይ» ልቦለድ፣ የአሽከሮች አለቃው ስቲቨንስ አባቱ በሞተበት ምሽት እንግዶችን ማስተናገዱን በኩራት ይተርካል፤ ስለ ዕንባው ግን ዝም ይላል። አንባቢ የሚያለቅስ መምሰሉን የሚረዳው ከጌታው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ማስረጃው የሚገኘው ተራኪው ራሱ በጠቀሰው የሌላ ሰው ንግግር ውስጥ ነው፤ መጣጥፍ ጸሐፊም ትረካውንና ጥቅሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ክፍተቱን ያሳያል። አንድ ክፍተት ብቻውን ግን ዝንጋታ ሊባል ይችላል። ስቲቨንስ በሚስ ኬንተን በር አጠገብ የቆመበትን ትዝታ መጀመሪያ ከአክስቷ ሞት ጋር ያያይዘዋል፤ በኋላ ግን ለማግባት መወሰኗን የነገረችው ምሽት እንደነበር ያርማል። ሁለቱም ስፍራዎች ሐዘኑን የሚሸሽጉ በመሆናቸው ጉዳዩ ከዝንጋታ ያልፋል።