ምስጥ፣ የማር እንጀራና የአንገት ልብስ

የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ላይ ሲደርሱ ከሚፈሯቸው ትምህርቶች አንዱ ኦራል ፓቶሎጂ ነው። በአፍና በመንጋጋ ውስጥ የሚወጡ በሽታዎችን፣ በዓይን፣ በራጅና በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ የሚያስተምር የሕክምና ዘርፍ ነው። ፍርሃቱ ከትምህርቱ ክብደት ይልቅ ከመጽሐፉ አደረጃጀት ይመጣል ብዬ አምናለሁ። እንደ ኔቪል ያሉት ትልልቅ መጻሕፍት በሽታዎችን በአመጣጣቸው ይከፍላሉ፤ ፈንገስ አንድ ምዕራፍ፣ የቆዳ በሽታ ሌላ ምዕራፍ፣ የመንጋጋ ከረጢቶች አንድ ቦታ፣ ዕጢዎች ሌላ ቦታ። በሽተኛው ግን ምዕራፉን ይዞ አይመጣም። አፉን ሲከፍት የሚታየው ነጭ ነገር ነው፤ ራጁ ሲነሳ የሚታየው ጥቁር ጉድጓድ ነው። ፈታኙም የሚጠይቀው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ለመውጫ ፈተና ለሚዘጋጁ ልጆች የምሰጠው ዕቅድ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ከዓይን ተነስቶ እንደገና መደርደር። የመጀመሪያው ሳምንት ለአፍ ውስጥ ልባስ፣ ሁለተኛው ለመንጋጋ አጥንት ይሆናል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ይነበባል፤ ከዚያ መጽሐፉ ተዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ የተነበበው ይሣላል። ያው ሥዕል በ3ኛው ቀንና በ7ኛው ቀን ሳይታይ ይደገማል። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል እንጂ የጎደለውን አያሳይም፤ ባዶ ወረቀት ግን አይዋሽም።

የመጀመሪያውን ሳምንት በአጭሩ ልለፈው። ነጭ ነገር ሲታይ ሦስት ጥያቄ በተራ ይጠየቃል። በጋዝ ሲጠረግ ይነሳል? ከተነሳና ሥሩ ቀይ ከሆነ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ይጠረጠራል። ጉንጩ ሲለጠጥ ይጠፋል? ከጠፋ በጥቁር ሕዝብ ላይ በጣም የተለመደና ጉዳት የሌለው ሉኮኢዴማ ነው። በሁለቱም ጉንጭ እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ መስመር አለው? ላይከን ፕላነስን ያሳስባል። በእነዚህ ሁሉ ካለፈ፣ የሚፋቅ ጥርስ ወይም ጫት ሁልጊዜ በአንድ ጉንጭ በኩል ማስቀመጥን የመሰለ ምክንያትም ካልተገኘለት፣ ያኔ ሉኮፕላኪያ ይባላል። ሉኮፕላኪያ ሌላው ሁሉ ከተወገደ በኋላ የሚቀር ስም ነው፤ መጀመሪያ የሚጠራ አይደለም። ተማሪዎች እዚህ የሚስቱት ነጩን ፈርተው ቀዩን ማለፋቸው ነው። ምክንያት ያልተገኘለት፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ የሆነ ቀይ ቦታ ከነጩ ይልቅ ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የተጠጋ ለውጥ የመሆን ዕድሉ እጅግ የሰፋ ነው። ነጭም ይሁን ቀይ፣ ወይም የማይድን ቁስል፣ ምክንያት ነው የተባለው ተወግዶ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ናሙና ይወሰዳል።

ጊዜዬን የማፈስበት ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ምክንያቱም በመንጋጋ ውስጥ ሦስት ነገሮች እጅግ ይመሳሰላሉ፣ ሕክምናቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሦስቱም ብዙውን ጊዜ ከታችኛው መንጋጋ ኋለኛ ክፍል፣ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ አካባቢ ይነሳሉ። ሦስቱም ሳያምሙ ያድጋሉ። በራጅ ላይ ሦስቱም ጥቁር ናቸው፣ ጥቁር መሆን ማለት እዚያ ያለው አጥንት ተበልቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዴንቲጀረስ ሳይስት ይባላል። ሳይወጣ የቀረ ጥርስ በተፈጥሮው የሚታቀፍበት ከረጢት አለው፤ ፈሳሽ ሞልቶት ሲነፋ ይህ ሳይስት ይሆናል። ማስታወሻዬ የአንገት ልብስ ነው። ሰው የአንገት ልብሱን የሚጠመጥመው አንገቱ ላይ እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም ከረጢት የሚያያዘው በጥርሱ አንገት ላይ፣ ኢናሜል አብቅቶ ሥር በሚጀምርበት መስመር ነው። የጥርሱ ራስ ከረጢቱ ውስጥ፣ ሥሩ ውጭ። በሥዕሉ ላይ መስመሩ ከአንገት ካልተነሳ ተማሪው ተሳስቷል።

ሁለተኛው ኬራቶሳይስት ነው፤ እኔ ምስጥ እለዋለሁ። ምስጥ የገባበት እንጨት ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጥ ለውስጥ ግን በርዝመቱ ተበልቷል። ኬራቶሳይስትም በአጥንቱ መሐል ከኋላ ወደ ፊት ይጓዛል እንጂ መንጋጋውን ወደ ጉንጭ አያብጠውም፤ ፊት ሳያብጥ በራጅ ላይ ግን ከጥግ እስከ ፊት ጥርስ የደረሰ ጉድጓድ ይገኛል። በመርፌ ሲሳብ ነጣ ያለ፣ እርጎ የመሰለ ወፍራም ነገር ይወጣል፤ የቆዳ ቅርፊት ዓይነት ኬራቲን ነው። በማይክሮስኮፕ ሽፋኑ ከ6 እስከ 8 ሕዋስ ብቻ ውፍረት አለው፣ የታችኛው ረድፍ ሕዋሳትም እንደ መቁጠሪያ እኩል ተሰልፈው ጠቁረው ይታያሉ። ቀጭን በመሆኑ ሲወጣ ይቀደዳል፣ የቀረች ቁራጭም ታገረሻለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ይህንን ከዕጢዎች መድቦት ነበር፤ በ2017 ወደ ሳይስትነቱ መልሶታል። ሁለቱን ዓመታት የሚያነጻጽር ጥያቄ ፈታኞች ስለሚወዱት እንጂ ለበሽተኛው የሚለውጠው ነገር ብዙም አይደለም።

ሦስተኛው አሜሎብላስቶማ ነው፤ ጥርስን ከሚሠሩት የኢናሜል ሕዋሳት ጋር የሚዛመድ ዕጢ። ካንሰር አይባልም፤ ግን አጥንት በልቶ ፊትን ያዛባል። ማስታወሻው ከአማርኛ ሳንወጣ የማር እንጀራ ነው፤ ራጁ ላይ ብዙ ክፍል ያለው፣ ግድግዳ በግድግዳ የተከፋፈለ። ምስጡ ረጅሙን ሲመርጥ ይህኛው ወደ ጉንጭም ወደ ምላስም ያብጣል። በማይክሮስኮፕ የዳር ሕዋሳቱ ኒዩክለሶች ከተቀመጡበት መስመር ሸሽተው ወደ መሐል ተጠግተዋል። አልጋው ግድግዳ ጋር ሆኖ ሳለ ወደ ክፍሉ መሐል የሸሸ ተኛ ብሎ ማሰብ ይበቃል።

ማስታወሻዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ብቻቸውን ያሳስታሉ። ስለዚህ ሳምንቱ ሲጋመስ አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው እንዲሠሩ እሰጣቸዋለሁ። የ24 ዓመት ወጣት ነው። በግራ የታችኛው መንጋጋው ላይ እብጠት አለው፤ 14 ወር ሆኖታል፣ አያመውም፣ ከንፈሩም አልደነዘዘም። እብጠቱ በጉንጭም በምላስ በኩልም ይዳሰሳል። በራጁ ላይ ከመንጋጋው ጥግ እስከ ትንንሾቹ መንጋጋ ጥርሶች ድረስ የተከፋፈለ ጥቁርነት አለ። ያልወጣው የመጨረሻ ጥርስ ወደ ታች ተገፍቶ ቁጭ ብሏል፣ የፊተኞቹ ሁለት ጥርሶች ሥር በቢላ እንደተቆረጠ አጥሯል።

አብዛኛው ተማሪ ያልወጣውን ጥርስ አይቶ የአንገት ልብሱን ይጠራል። መስመሩን ግን ይከተል፤ ጥቁርነቱ ከጥርሱ አንገት አይነሳም፣ ጥርሱን ከላይ ተጭኖ ገፍቶታል እንጂ። ምስጡስ? እብጠቱ በሁለቱም በኩል ስለሆነ ሩቅ ነው። የሥሩ መቆረጥ አሜሎብላስቶማን ይደግፋል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም፣ ትልቅ ዴንቲጀረስ ሳይስትም ሥር ይበላልና። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት መርፌ ይገባል። ይህችን እርምጃ የሚዘልል ተማሪ አይለፍ የምለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ጥቁሩ ጉድጓድ የደም ሥር ጉዳት ከሆነ መርፌው ደም ይሞላል፣ ሳያረጋግጡ ቢላ ማስገባት ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። በዚህ ወጣት ላይ የተገኘው ጥቂት ገለባማ ፈሳሽ ነው። ደም የለም፣ እርጎ የመሰለም የለም።

ቀጥሎ ናሙና ነው፤ ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። አሜሎብላስቶማ አንዳንዴ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሳይስት መስሎ ይመጣል፣ ግድግዳውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከአንድ ጥግ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ከተወሰደ ፓቶሎጂስቱ ተራ ሳይስት ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መቆጣት የደረሰበት የኬራቶሳይስት ግድግዳም መቁጠሪያ መሰል ረድፉን ስለሚያጣ እንዲሁ ያታልላል። የላቦራቶሪው መልስ ከራጁ ጋር ካልተስማማ እንደገና መውሰድ ነው እንጂ መልሱን ማመን አይደለም። በወጣቱ ከሁለት ቦታ የተወሰደው ናሙና ከመስመር የሸሹትን ኒዩክለሶች አሳይቷል፤ አሜሎብላስቶማ ነው።

ልዩነቱ ሕክምናው ላይ ይወጣል። ዴንቲጀረስ ሳይስት ከጥርሱ ጋር ተነቅሎ በአብዛኛው ይረሳል። ብዙ ክፍል ያለው አሜሎብላስቶማ ግን ተፍቆ ቢወጣ ደጋግሞ ያገረሻል፤ ምክንያቱም በራጅ ላይ ጤናማ በሚመስለው የአጥንት ስስ ክሮች መሐል ሰርጎ ገብቷል። ስለዚህ በራጅ ከሚታየው ዳር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር አልፎ አጥንቱ ይቆረጣል፣ በሽተኛውም ለብዙ ዓመት ክትትል ይደረግለታል።

ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ተማሪዎቹ ወረቀቱን እንዲያስቀምጡ አልፈቅድም። አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ መልሼ እሰጣቸዋለሁ። እብጠቱ ባይኖርና መርፌው እርጎ መሰል ነገር ቢያወጣስ? ምስጡ ተመለሰ። በሽተኛዋ የ12 ዓመት ልጅ ሆና በላይኛውም በታችኛውም መንጋጋ እንዲህ ያለ ኬራቶሳይስት ቢኖራትስ? ያኔ ጎርሊን ሲንድረም ይታሰባል፤ የመዳፏ ትንንሽ ጉድጓዶችና የደረት ራጇ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ የጎድን አጥንት ይፈለጋሉ። መጻሕፍቱ በዚህ በሽታ ላይ ስለ ቆዳ ካንሰር ብዙ ይላሉ፤ በጥቁር ሕዝብ ላይ ግን ካንሰሩ ያን ያህል አይታይም፣ ስለዚህ የእኛ ተማሪ ቆዳውን ብቻ ጠብቆ መንጋጋውን እንዳያልፍ እነግራቸዋለሁ።

የመጨረሻው ምሽት ምንም አይነበብም። ሦስቱ ሥዕሎች በባዶ ወረቀት ይሣላሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ 24 ዓመቱ ወጣት የናሙና መላኪያ ቅጽ ይሞላል፤ ዕድሜ፣ ቦታ፣ የቆየበት ጊዜ፣ የራጁ መልክ፣ መርፌው ያወጣው፣ ናሙናው ከስንት ቦታ እንደተወሰደ። ባለፈው ጊዜ ከቡድኑ አንዷ ቅጹን ሞልታ ስታስረክበኝ «ጋሽዬ፣ የራጁን መልክ የሚጻፍበት ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ነው» አለችኝ። ጀርባው ላይ እንድትጽፍ ነገርኳት።