«ይስተካከላል» ያለው ማነው?

በሃውስኪፒንግ ስብሰባችን ቃለ ጉባኤ ላይ «የ304 ሻወር ሐሙስ እስከ 10 ሰዓት ይስተካከላል» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደሚያስተካክለው የለበትም፤ አማርኛው ባለቤቱን ስለዋጠ የእንግሊዝኛ ትርጉሙም ዋጠው። የሰዓቱ ደግሞ ባሰ፦ 10:00 ተብሎ ተተረጎመና የውጭ አገር ሰው የሆኑት ሥራ አስኪያጃችን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ክፍሉን ሊያዩ መጡ። ሥራው ገና አልተጀመረም ነበር!

አሁን ውሳኔው እንደተነገረ እዚያው «ማን ይያዘው?» እላለሁ። «ሜንቴናንስ» የሚለው መልስ አይበቃኝም፤ ክፍል ቧንቧ አይፈታም። እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ቴክኒሻን እገሌ የ304ን ሻወር ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይጠግናል፤ ሱፐርቫይዘር እገሊት አይታ ትረከባለች።» በእንግሊዝኛው ሰዓቱ 16:00 ይሆናል።

ከመበተናችን በፊት እያንዳንዱን መስመር ለባለቤቱ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። የምተረጉመው ከዚያ በኋላ ነው።